መዝሙሩን ያውቃል፣ ፊደሉን ግን አያውቅም፦ ሴሳሚ ስትሪት ከሕፃናት የተማረው

አንድ ልጅ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን ገበታ ሳያቋርጥ ይወርደዋል። ከመሃል «ቤ»ን ነጥለን ስናሳየው ግን ዝም ይላል። ወይም ደግሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ…» ብሎ ከመጀመሪያው ይነሳና «ቤ!» ብሎ ይደርሳል። ይህን ያላየ የአንደኛ ክፍል መምህር ያለ አይመስለንም። ልጁ ዜማውን ይዟል፤ ፊደሉን ገና አልያዘም። የእንግሊዝኛውንም «ኤቢሲዲ» ስናስተምር የሚገጥመን ይኸው ነው።

በዚህ ችግር ላይ በብዙ ገንዘብና በብዙ ጥናት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ የተሠራው በትምህርት ቤት ውስጥ አይደለም፤ በቴሌቪዥን ነው። ሴሳሚ ስትሪት የተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ፕሮግራም እንዴት እንደተጀመረ፣ አዘጋጆቹ ምን ሞክረው ምን እንደጣሉ፣ ከሕፃናቱስ ምን እንደተማሩ ከዚህ በታች እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር ኒውዮርክ ውስጥ ጆአን ጋንዝ ኩኒ የምትባል የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ ቤቷ እራት ጋብዛ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ሎይድ ሞሪሴት የካርኔጊ ድርጅት ባልደረባ ሲሆን፣ ድርጅቱ ለሕፃናት ትምህርት ጥናት ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ሞሪሴት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጁ ማለዳ ተነስታ፣ ጣቢያው ገና ሥርጭት ሳይጀምር የሚታየውን ቋሚ ምልክት አፍጥጣ እያየች ካርቱኑን እንደምትጠብቅ ተናገረ። ከዚያ ጨዋታ አንድ ጥያቄ ወጣ። ሕፃናት ቴሌቪዥንን እንዲህ ከወደዱት፣ ለምን ትምህርት አይሰጣቸውም?

ኩኒ ባለሙያዎችን እየዞረች ጠይቃ በዚያው ዓመት ሪፖርት ጻፈች። ካስተዋለቻቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፦ ሕፃናት ማንም ሳያስተምራቸው የማስታወቂያ ዘፈኖችን፣ የቢራውን ሳይቀር፣ በቃላቸው ይዘዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማስታወቂያ አጭር ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፣ በአንድ ዜማ ይመጣል፣ ደግሞም በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። እንግዲህ በሳሙናውና በቢራው ቦታ ፊደልና ቁጥር ቢገባስ? የፕሮግራሙ ዋና ሐሳብ ይህ ሆነ።

በ1968 ዓ.ም. መጋቢት ሥራውን የሚመራው ድርጅት ተቋቋመ። ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ፤ ግማሽ ያህሉን የሰጠው የአሜሪካ መንግሥት ሲሆን፣ የቀረውን ካርኔጊን የመሳሰሉ የግል ድርጅቶች ሸፈኑ። በተለይ የታሰበው መዋዕለ ሕፃናት ለመግባት አቅም ለሌላቸው የከተማ ድሆች ልጆች ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት የሃርቫርዱ መምህር ጄራልድ ሌሰር በመራቸው ስብሰባዎች መምህራን፣ የሥነ ልቦና ሰዎች፣ ጸሐፊዎችና የፊልም ሠሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ልጁ ምን ማወቅ እንዳለበት በግልጽ ዘረዘሩ። «ፊደልን ይውደድ» አላሉም። «ፊደሉን ሲያይ ስሙን ይናገር፤ እስከ 10 ይቁጠር» ነበር ያሉት። እንዲህ ተብሎ የተጻፈ ግብ መድረሱና አለመድረሱ ሊለካ ይችላል።

ሕፃኑ ዓይኑን ሲነቅል መቁጠር

የጥናቱ ክፍል ኃላፊ ኤድዋርድ ፓልመር ቀላል ዘዴ ፈለገ። አንድ ሕፃን ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ከቴሌቪዥኑ ጎን በስላይድ ፕሮጀክተር የሚበራ ሌላ ትንሽ መጋረጃ አለ፤ በእሱ ላይ በየ7 ሰከንድ ተኩሉ አዲስ ፎቶ ይለዋወጣል። ተመልካቹ ባለሙያ ልጁ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ይሁን ፎቶውን እየተከታተለ ይመዘግባል። መዝገቡ ሲሰበሰብ የትኛው ትዕይንት ልጆችን እንደያዘ፣ የትኛው እንደለቀቃቸው በሰከንድ ይታወቃል።

በዚህ መንገድ ብዙ ነገር ወደቀ። «የፊደል ሰው» የተባለ እንደ ሰላይ ሆኖ የሚጫወት ገጸ ባሕርይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሕፃናቱ ግን አልወደዱትምና ከፕሮግራሙ ወጣ።

ትልቁ ትምህርት የተገኘው ግን በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። አምስት የሙከራ ዝግጅቶች ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ለሕፃናት ታዩ። የሥነ ልቦና አማካሪዎች አስቀድመው «እውነትና ተረት አይደባለቁ፤ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ» ስላሉ፣ በመንገዱ ላይ የሚታዩት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አሻንጉሊቶቹ በሌላ ክፍል ለብቻቸው ይመጡ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? አሻንጉሊቶቹ ሲመጡ ልጆቹ ያያሉ፤ ሰዎቹ መንገዱ ላይ ቆመው ሲያወሩ ግን ዓይናቸው ይሄዳል። አዘጋጆቹ ምክሩን ትተው ጂም ሄንሰን በመንገዱ ላይ ከሰዎች ጋር የሚኖሩ ፍጡራን እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ከሁለት ሜትር ተኩል ትንሽ የሚያንሰው ቢጫ ወፍ ቢግ በርድና በቆሻሻ በርሜል ውስጥ የሚኖረው ነጭናጫው ኦስካር የተወለዱት በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ኅዳር 10 ቀን 1969 ዓ.ም. (በእነሱ ኖቬምበር) መታየት ሲጀምር ሁለቱም ቦታቸውን ይዘው ነበር።

ቢግ በርድ በየቀኑ መምጣቱ ጥቅሙ ምንድን ነው? አንድ ልጅ አዲስ ሰው ባየ ቁጥር «ይሄ ማነው? ምን ሊያደርግ ነው?» እያለ ሐሳቡ ወደዚያ ይሄዳል። የሚያውቀው ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ግን ይህ ሥራ አይኖርበትም፤ ሐሳቡ ለአዲሱ ነገር፣ ለፊደሉ ይተርፋል። ቢግ በርድ ደግሞ መምህር አይደለም። እንደ ሕፃን የማያውቅ፣ የሚሳሳት፣ የሚጠይቅ ነው። ልጁ እሱን ማረም ይችላል፤ የሚያርም ልጅ ደግሞ እያሰበ ነው።

ዝምታ ያስተማረው ፊደል

ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ለመምህር በጣም የሚጠቅመው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ የምትፈጅ ቀላል ፊልም ናት። ተዋናዩ ጄምስ ኧርል ጆንስ ካሜራው ፊት ቆሞ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጠራል። ይህ ሰው ኋላ «ዘ ላየን ኪንግ» በተባለው ካርቱን የአባት አንበሳውን ድምፅ የሰጠው ነው፤ በ2024 ዓ.ም. አርፏል። በፊልሟ ውስጥ ዘፈን የለም፣ አሻንጉሊትም የለም። ግን አንድ ሥርዓት አለ፦ መጀመሪያ ፊደሉ ይታያል። ጆንስ ወዲያው አይናገርም፤ ዝም ይላል። ከዚያ በዚያ ከባድ ድምፁ የፊደሉን ስም ይጠራል። እንደገና ዝም ይላል። ቀጥሎ ሌላው ፊደል ይመጣል።

ተመራማሪዎቹ ሕፃናት ይህን ደጋግመው ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ተከታተሉ፤ ሦስት ደረጃዎችንም አዩ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ጆንስ ከተናገረ በኋላ ተከትለው ይደግማሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካዩ በኋላ ፊደሉ ብቅ ሲል፣ እሱ ሳይናገር፣ ቀድመው ይጠሩታል። ቆይተው ደግሞ ፊደሉ ገና ሳይታይ ቀጣዩን ይናገራሉ።

እነዚህን ሦስት ደረጃዎች ለያይተን እንያቸው፤ እኩል አይደሉምና። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ድምፅ እየቀዳ ነው፤ ዓይኑን ቢጨፍንም ይችለዋል። በሦስተኛው ደረጃ ቅደም ተከተሉን ይዟል፤ ይህም ዓይንን አይጠይቅም። ዓይንን ሥራ ላይ የሚያውለው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ፊደሉ ታይቷል፣ ስሙ አልተነገረም፣ ልጁ ራሱ ከቅርጹ ወደ ስሙ መሄድ አለበት። ይህ እንዲሆን ያስቻለው ደግሞ የጆንስ ዝምታ ነው። ዝምታው ባይኖር ልጁ የመገመት ዕድል አያገኝም ነበር፤ መልሱ ሁልጊዜ ቀድሞት ይመጣል።

ዘፈን የሚደብቀው ነገር

ዘፈን ቅደም ተከተልን ለማስያዝ ወደር የለውም። ግን ቅደም ተከተልን መያዝና ፊደልን መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የታወቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን መሃል ላይ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኦ የሚባሉት አራት ፊደላት በሌሎቹ ግማሽ ጊዜ ሮጠው ፒ ላይ ያርፋሉ። ብዙ ልጆች ይህን «ኤለመኖፒ» ብለው እንደ አንድ ፊደል ይይዙታል። ዘፈኑን በትክክል ስለሚዘፍኑ ስህተቱ አይሰማም። ቀስ ብለህ በጣትህ እያመለከትክ ስታዘፍናቸው ነው የሚጋለጠው፤ ጣቱ አንድ ፊደል ላይ ቆሞ አፉ አምስቱን ይጨርሳል።

የሴሳሚ ስትሪት ጸሐፊዎች ይህን ያውቁ ነበር። ቢግ በርድ ፊደላቱን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ቃል አንብቦ ትርጉሙ ምን ይሆን እያለ የሚዘፍንበት ዘፈን አላቸው። ልጁ ይስቃል፤ ለመሳቅ ግን እነዚያ ነገሮች ቃል ሳይሆኑ የተለያዩ ፊደላት መሆናቸውን ማወቅ አለበት።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። እስከ 10 በቃሉ የሚወርድ ልጅ አምስት ጠጠር ቁጠር ሲባል አንዱን ሁለቴ ይነካል ወይም ዘሎት ያልፋል፤ አፉና ጣቱ አብረው አይሄዱም። ሌላም ምልክት አለ። በትክክል ቆጥሮ «አምስት» ካለ በኋላ «ስንት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። «አምስት» ብሎ ከመለሰ ገብቶታል። እንደገና ከአንድ ከጀመረ ግን የመጨረሻው ቃል የጠቅላላው ብዛት ስም መሆኑን ገና አልያዘም። ጂም ሄንሰን በ1969 ዓ.ም. የሠራቸው የቁጥር ፊልሞች ስለዚህ በቆጠራ ብቻ አያበቁም። በየፊልሙ መጨረሻ ላይ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የዚያኑ ቁጥር ያህል ጣፋጭ ተሸክሞ፣ ስንት እንደሆነ ጮክ ብሎ ተናግሮ፣ ከደረጃው ላይ ይንከባለላል። ልጁ የሚጠብቀው መውደቁን ነው፤ ከመውደቁ በፊት ግን ብዛቱ በአንድ ቃል ተጠርቷል።

መደጋገም እስከ ምን ድረስ?

የመጀመሪያው ዓመት 130 ዝግጅቶች ነበሩት፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን። በየዝግጅቱ መጨረሻ «ይህን ፕሮግራም ያቀረበላችሁ ፊደል እገሌና ቁጥር እገሌ ነው» ይባል ነበር፤ ልክ እንደ ማስታወቂያ። የመጀመሪያው ቀን ቁጥሮች 2 እና 3 ነበሩ። የቀኑ ፊደል በሰዓቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ግን አንዴ በካርቱን፣ አንዴ በአሻንጉሊት፣ አንዴ በመንገዱ ላይ ባሉ ሰዎች ነው። አንዳንዴ ያው ፊልም ሳይቀየር ይደገማል።

አዋቂዎች «አይሰለቻቸውም?» ይላሉ። ይህ በደንብ የተፈተሸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የጀመረው ብሉስ ክሉስ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ፕሮግራም አንዱን ዝግጅት ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይቀይር አምስት ቀን ያሳይ ነበር፤ አቅራቢውም ጥያቄ ጠይቆ ልጆቹ እንዲመልሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዳንኤል አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ1999 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች አንዴ ብቻ ሲያዩና አምስት ጊዜ ሲያዩ አነጻጸሩ። አምስት ጊዜ ያዩት ይበልጥ ተረዱ፤ ጮክ ብለው መመለሳቸውም በየቀኑ ጨመረ። ለልጅ የመጀመሪያው ቀን ነገሩን የሚያይበት ነው፤ የሚመልስበት ቀን ኋላ ይመጣል። በአንድ ቀን ጨርሰን ወደ ሌላ ስንሄድ ልጁ ሊመልስ በተዘጋጀበት ሰዓት እየተውነው ነው።

ውጤቱና ገደቡ

ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሌላ ድርጅት መጥቶ ፈተሸ። ሳሙኤል ቦልና ጌሪ አን ቦጋትዝ 943 ሕፃናትን ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ፈትነው፣ ውጤቱን በ1970 ዓ.ም. አወጡ። ብዙ ያዩት ብዙ ተምረዋል፤ በተለይ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የሰጠው ነገር፣ ፊደልና ቁጥር፣ ይበልጥ ተይዟል። የተደጋገመው ተያዘ፤ በጨረፍታ ያለፈው አለፈ ማለት ነው።

በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ቶማስ ኩክና ጓደኞቹ ያንኑ መረጃ እንደገና መርምረው ጥያቄ አነሱ። ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ቤታቸው ድረስ ሠራተኛ እየሄደ «ፕሮግራሙን ተመልከቱ» ተብለው የተበረታቱ ነበሩ። ማንም ሳያበረታታቸው ያዩት ልጆች ያገኙት ጥቅም ያነሰ ነበር። በተጨማሪም ሀብት ያላቸው ሰዎች ልጆችም ያንኑ ፕሮግራም ያያሉ፤ ስለዚህ የድሃው ልጅ ቢማርም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ላይጠብ ይችላል። ክርክሩ ለእኛ አንድ ነገር ያሳየናል፦ ሳጥኑ ብቻውን አልነበረም። ከጎን ተቀምጦ «ይሄ ማነው? አሁን ምን አለ?» የሚል ሰው ሲኖር ውጤቱ ሌላ ነው።

ወደ ፊደል ገበታችን ስንመለስ

በአገራችን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1964 ዓ.ም. አንስቶ አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። ያው ሰው፣ ያው ሰላምታ፣ በተረቱ መጨረሻም ያው ምክር። ልጆች ቤታቸው ሆነው ለሰላምታው መልስ ይሰጡ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን ፕሮግራም በአማርኛ ጀመረች። ፀሐይ የምትባለው ትንሽ ቀጭኔ እንደ ቢግ በርድ ጠያቂ ናት፤ በየጊዜው የምትመለሰውም እሷው ናት።

የእኛ ፊደል ግን ከእንግሊዝኛው የተለየ ፈተና አለው። 26 ሳይሆን 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው። ጥቅሙ እያንዳንዱ ቤት በሰባት ድምፅ ራሱ ዜማ መሆኑ ነው፤ ዜማው በቀላሉ ይያዛል። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ዜማው ቅርጹን ሳያዩት ይወጣል። የጥንቶቹ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ያወቁት ቴሌቪዥን ሳይኖር ነው። ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቆጥሩ ነበር፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። በአቡጊዳ እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት፣ በሌላ ድምፅ ስለሚመጣ የሀ ሁ ዜማ አይረዳም፤ ልጁ ቅርጹን ማየት ግድ ይሆንበታል። በእርግጥ አቡጊዳም ራሱ ከተለመደ ዜማ ይሆናልና፣ በመጨረሻ ፊደሉን ከመሃል እየነጠሉ መጠየቅ አይቀርም።

ቴሌቪዥን በሌለበት ክፍል የጆንስን ሥርዓት በካርቶን መሥራት ይቻላል። ለምሳሌ የ«በ»ን ቤት እንውሰድ። ሰባቱን ቅርጾች በሰባት ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፉ። ሰኞ በተራቸው ያዙ፦ ካርቶኑን አንሱ፣ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ፣ ስሙን ጥሩ፣ እንደገና እስከ ሦስት ቆጥራችሁ ሌላውን አንሱ። ልጆቹ ከኋላችሁ ይደግማሉ። ማክሰኞና ረቡዕ ሳትቀይሩ ያንኑ አድርጉ፤ በዝምታው መሃል ቀድመው የሚጠሩ ድምፆች መሰማት ይጀምራሉ። ሐሙስ ካርቶኖቹን እንደ ካርታ በውዙ፤ ሥርዓቱ ያው ይሁን፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይጥፋ። ዓርብ የባለፈው ሳምንት ቤት፣ ለምሳሌ «ለ»፣ ይቀላቀል። «ቤ»ና «ሌ» ጎን ለጎን ሲቆሙ ልጁ የታችኛዋን ቀለበት አይቶ ሁለቱም ኃምስ መሆናቸውን ያገኛል።

ሐሙስ ዕለት ክፍሉ በአንድነት ሲጮህ ግን አትመኑ። ሦስት ጎበዞች ቀድመው ይጠራሉ፤ ሌላው በግማሽ ሰከንድ ይከተላል፤ ከፊት ቆሞ ለሚሰማ ሁሉም ያወቀ ይመስላል። ፓልመር አንድ ልጅ ብቻ አስቀምጦ ዓይኑን የተከታተለው ለዚህ ነበር። ስልሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉንም በአንድ ቀን ማየት አይቻልም። በቀን አምስት ልጆችን ለየብቻ ጠርቶ፣ ከተበወዙት ካርቶኖች አራቱን አሳይቶ፣ በደብተር ላይ ምልክት ማድረግ ግን ይቻላል። ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«በ» ከጀመረ ዜማውን እየፈለገ ነው፤ ያ ልጅ የሚቀጥለው ሳምንትም «በ»ን ማየት አለበት።